ግራፉ እንዳያሳስታችሁ፦ በሪፖርት ውስጥ ያለን ግራፍ ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

ብዙ አንባቢ ግራፍ ላይ የሚሳሳተው ገና ርዕሱን ሲያነብ ነው። ርዕሱ «መቀንጨር በከፍተኛ ሁኔታ ቀነሰ» ካለ ዓይን ወደ ዓምዶቹ የሚወርደው ቅናሽ ለመፈለግ ነው፤ ፈልጎም አያጣም። ዘንጉን፣ የዓመቶቹን ርቀትና የግርጌ ማስታወሻውን የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ያ ግራፍ ወደ ዕቅድ፣ ወደ ዜና ወይም ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ይገለበጣል።

ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምሳሌ ይሠራል። ቁጥሮቹ ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተወሰዱ ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ውስጥ የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች የሆነው፣ በመቶኛ እንዲህ ነው፦

- 2000፦ 58
- 2005፦ 51
- 2011፦ 44
- 2016፦ 38
- 2019፦ 37

ዓመቶቹ ጥናቱ ራሱ እንደሚጽፋቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከታች የምገልጻቸው ግራፎች ግን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥዕሉ ብቻውን እንዴት እንደሚያሳስት እንድታዩ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሙሉውን ሪፖርት ያዙ። ግራፉ ብቻ ተቆርጦ በቴሌግራም ከደረሳችሁ ዋናውን ሰነድ ፈልጉ፤ ሠንጠረዡና አባሪው ከሌለ ከደረጃ 2 በኋላ ያለውን ሥራ በግማሽ ብቻ ነው የምትሠሩት። ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተርና አንድ ባዶ ወረቀት አዘጋጁ። ግራፉን ከስክሪን ላይ የምትለኩ ከሆነ ገጹን አንድ ጊዜ አስፉትና እስክትጨርሱ ድረስ መጠኑን አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁ የለካችሁት ሁሉ ይፋለሳል።

## ደረጃ 1፦ ርዕሱን ሸፍኑ፣ ጥያቄውን ጻፉ

1. የግራፉን ርዕስና ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ በወረቀት ሸፍኑ።
2. ባዶው ወረቀት ላይ ይህ ግራፍ ሊመልስላችሁ የሚገባውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ቅናሹ በየዓመቱ ስንት ነበር? ፍጥነቱስ እንደቀጠለ ነው?»
3. ከጥያቄው ውስጥ የሚነጻጸሩትን ሁለት ነገሮች አስምሩባቸው። እዚህ ላይ የሚነጻጸረው የቀድሞዎቹ ዓመታት ፍጥነትና የመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነት ነው።
4. የሚለካው በምን እንደሆነ ጻፉ፤ በመቶኛ ነው? ከ1,000 ሕፃናት ነው? ወይስ በሰው ብዛት?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ደረጃ 5 ላይ ግራፉ ምን እንደደበቀ የምታውቁት ምን ፈልጋችሁ እንደነበር አስቀድማችሁ ከጻፋችሁ ብቻ ነው።

## ደረጃ 2፦ ቋሚው ዘንግ ከየት እንደሚነሳ እዩ

ጣታችሁን በቋሚው ዘንግ ታች ጫፍ ላይ አድርጉና እዚያ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ዜሮ ነው? ካልሆነ የሚከተለውን ሥሩ።

የመቀንጨሩን ቁጥር የያዘ የዓምድ ግራፍ ተሠርቶ ዘንጉ ከ30 ተነስቶ 60 ላይ ያበቃል እንበል። የግራፉ ቁመት 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መቶኛ ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ይወስዳል።

1. የ2000ን ዓምድ ለኩ። 56 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 58 ሲቀነስ 30 እኩል 28፣ በ2 ሲባዛ 56።
2. የ2019ን ዓምድ ለኩ። 14 ሚሊ ሜትር ነው።
3. አካፍሉ። 56 ለ14 አራት ነው። ዓይን የሚያየው መቀንጨር ወደ ሩብ እንደወረደ ነው።
4. እውነተኛዎቹን ቁጥሮች አካፍሉ። 37 ለ58 ሲካፈል 0.64 ገደማ ነው። መቀንጨር የወረደው በ36 በመቶ ነው፤ ገና ከግማሽ በላይ ቀርቷል።

ሥዕሉ 75 በመቶ ቅናሽ ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን 36 በመቶ ይላል። ቅናሹ ከእጥፍ በላይ ተጋንኗል ማለት ነው፤ አንድም ቁጥር ሳይዋሽ።

በኤክሴል መሥራት ከመረጣችሁ ለሥዕሉ የመጀመሪያውን፣ ለቁጥሩ ሁለተኛውን ቀመር ጻፉ፦

```
=1-(37-30)/(58-30)
=1-37/58
```

ጥንቃቄ፦ «ዘንግ ከዜሮ ካልተነሳ ውሸት ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። ይህ ደንብ ለዓምድ ግራፍ ነው፤ ምክንያቱም ዓምድ የሚነበበው በርዝመቱ ነው፣ ግርጌው ሲቆረጥ ርዝመቱ ትርጉም ያጣል። የመስመር ግራፍ የሚነበበው በዝንባሌው ስለሆነ ከዜሮ ባይነሳም ችግር የለውም። እንዲያውም አንዳንዴ ከዜሮ መነሳቱ ነው የሚያሳስተው። የሰውነት ሙቀትን የሚያሳይ መስመር ከዜሮ ዲግሪ ቢጀምር የ37ና የ40 ልዩነት አይታይም፤ ሐኪም ግን በዚያ ልዩነት በሽተኛ ያስተኛል። በመስመር ግራፍ ላይ የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ ዘንጉ የተዘረጋው ለጉዳዩ ትርጉም ያለው ለውጥ እንዲታይ ያህል ነው ወይስ ከዚያ አልፎ?

የዘንጉ ቁጥር ጭራሽ ካልተጻፈ፦ የሁለት ዓምዶች ዋጋ በጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሶ እንደሆነ ፈልጉ። የ2000ው 58፣ የ2019ኙ 37 መሆኑን ካገኛችሁ የዓምዶቹን ርዝመት ለኩና ልዩነቱን አካፍሉ፦ 56 ሲቀነስ 14 እኩል 42 ሚሊ ሜትር፣ ለ21 ነጥብ ሲካፈል በነጥብ 2 ሚሊ ሜትር። የ2019 ዓምድ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 7 ነጥብ ያህል ነው፤ ስለዚህ ግርጌው 30 ላይ ነው። የተደበቀውን መነሻ አገኛችሁት።

ዘንጉ ላይ የተሰበረ መስመር ወይም የዚግዛግ ምልክት ካያችሁ ያው ነው፤ ግርጌው ተቆርጧል፣ ርዝመቱን አትመኑ። ባለ ሦስት ገጽታ ዓምድ ከሆነ ደግሞ አትለኩት። የዓምዱ የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ የተለያየ ቁጥር ላይ ስለሚያርፉ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ ሂዱ።

## ደረጃ 3፦ አግድሙ ዘንግ ላይ ዓመት ቁጠሩ

በአግድሙ ዘንግ ላይ በየምልክቱ መካከል ስንት ዓመት እንዳለ በእርሳስ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ 5፣ 6፣ 5፣ 3 ይሆናል። ከዚያ ርቀቱን በማስመሪያ ለኩ። ርቀቱ እኩል ከሆነ ግራፉ ሦስት ዓመትንና ስድስት ዓመትን አንድ አድርጎባችኋል።

ኤክሴል የመስመር ግራፍ ስትሠሩ ዓመቱን እንደ ስም ከቆጠረው በእኩል ርቀት ይደረድረዋል። ብዙ ሪፖርት ላይ ይህ ስሕተት የሚገባው በዚህ መንገድ እንጂ በተንኮል አይደለም። ራሳችሁ መልሳችሁ ስትሠሩት `Scatter` የሚለውን የግራፍ ዓይነት ምረጡ፤ እሱ ዓመቱን እንደ ቁጥር ወስዶ በትክክለኛ ርቀቱ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ በየክፍሉ ያለውን ቅናሽ በዓመቱ ብዛት አካፍሉ፦

- ከ2000 እስከ 2005፦ 7 ነጥብ በ5 ዓመት፣ በዓመት 1.4
- ከ2005 እስከ 2011፦ 7 ነጥብ በ6 ዓመት፣ በዓመት 1.2 ገደማ
- ከ2011 እስከ 2016፦ 6 ነጥብ በ5 ዓመት፣ በዓመት 1.2
- ከ2016 እስከ 2019፦ 1 ነጥብ በ3 ዓመት፣ በዓመት 0.3 ገደማ

ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ጥያቄ እዚህ መልስ ማግኘት ጀመረ። የዓምድ ግራፉ «ቀነሰ፣ ቀነሰ» ሲል ይህ ስሌት ግን የመጨረሻው ክፍል ከቀደሙት እንደተለየ ያሳያል። ልዩነቱ ይታመናል ወይ የሚለውን ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን፤ አሁን አትደምድሙ።

ሪፖርቱ 2000ንና 2019ን ብቻ አስቀምጦ መካከሉን ከዘለለ የተዘለሉትን ዓመታት ከሠንጠረዡ አምጡ። ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ግራፍ ስለ ፍጥነት ምንም ሊነግራችሁ አይችልም።

የዘመን አቆጣጠሩን አረጋግጡ። የመንግሥት የሥራ ሪፖርት ላይ «2008» ተብሎ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም። የ2016ቱ ጥናት መረጃ የተሰበሰበውም በዚሁ በጀት ዓመት ውስጥ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ሁለቱ በአንድ ግራፍ ላይ ሲገናኙ አንዱ 2008፣ ሌላው 2016 ተብሎ ከተቀመጠ ጎን ለጎን መሆን የሚገባቸው ነጥቦች ስምንት ዓመት ተራርቀው ይታያሉ። ዘንጉ ላይ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» የሚል ከሌለ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ። እዚያም ከሌለ መረጃው የተሰበሰበበትን ወር ከሪፖርቱ የአሠራር ምዕራፍ ፈልጉ፤ ወሩ ካልተገኘ ያንን ግራፍ ከሌላ ምንጭ ጋር አታጣምሩት።

## ደረጃ 4፦ የተጨናነቀውን አራግፉ

11 ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በአንድ ግራፍ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ዓመት፤ 55 ዓምድ ማለት ነው። በላዩ ላይ 55 ቁጥር ተጽፎበታል፣ የክልሎቹ ስም ተንጋዶ እርስ በርስ ተደራርቧል፣ የቀለሙ መግለጫ ደግሞ በጥቁርና ነጭ ታትሞ አምስቱም ግራጫ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ለማንበብ አትታገሉ።

1. አንድ ዓመት ብቻ ምረጡ። እኛ 2016ን እንውሰድ።
2. የዚያን ዓመት ቁጥሮች ከአባሪው ሠንጠረዥ ገልብጡ። ከግራፉ ላይ ከተነባበሩት ቁጥሮች አትገልብጡ፤ የአንዱ ዓምድ ቁጥር በሌላው አናት ላይ ተቀምጦ ይገኛል።
3. ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ።
4. በመካከሉ የአገር አቀፉን አማካይ፣ 38ን፣ መስመር አስምሩ።

ክልሎች በሪፖርት ውስጥ የሚቀመጡት በተለመደው አስተዳደራዊ ቅደም ተከተል ነው፤ ትግራይ፣ አፋር፣ አማራ እያለ። በዚያ ቅደም ተከተል ከፍታና ዝቅታ እንጂ ደረጃ አይታይም። ስትደረድሩት አማራ በ46 በመቶ አናት ላይ፣ አዲስ አበባ በ15 በመቶ ግርጌ ላይ ይመጣሉ። ሶማሌ ደግሞ በ27 ከአማካዩ በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አፋር ግን 41 ነው። ሁለቱም በብዛት አርብቶ አደር ክልሎች ሆነው ሳለ ይህን ያህል መለያየታቸው ምክንያቱ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው፤ 55 ዓምድ ውስጥ ግን ማንም አያየውም።

የክልሎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ካልተስማማ አትደናገጡ። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021 ክልል ስለሆኑ በ2016ና በ2019 ጥናቶች ውስጥ ያለው «ደቡብ» በኋላ ከሚታየው ጋር አንድ አይደለም። አዲሱን ከአሮጌው በቀጥታ አታነጻጽሩ።

## ደረጃ 5፦ ግራፉ የደበቀውን ንጽጽር አውጡ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ዘንጉም መለያውም ትክክል ሆነው ግራፉ ግን የተሳሳተውን ነገር ሊያነጻጽር ይችላልና። ለዚህ ሌላ የጥናቱን መረጃ እንውሰድ። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት በየጥናቱ 166፣ 123፣ 88፣ 67፣ 59 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሞቱት፣ ማለትም ጨቅላዎቹ፣ 49፣ 39፣ 37፣ 29፣ 33 ናቸው።

በሪፖርት ውስጥ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ግራፍ ላይ ከ0 እስከ 180 በሚሄድ ዘንግ ይሣላሉ። የላይኛው መስመር ቁልቁል ይወርዳል፤ የታችኛው ግርጌው ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል። አንባቢ «ሁለቱም ቀንሰዋል» ብሎ ያልፋል። የተደበቀውን ለማውጣት፦

1. የታችኛው የላይኛው አካል መሆኑን አረጋግጡ። እዚህ ነው፤ ጨቅላዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ውስጥ ተቆጥረዋል።
2. አካል ከሆነ ድርሻውን አስሉ። 49 ለ166 ሲካፈል 30 በመቶ ገደማ ነው።
3. ለሁሉም ዓመት ድገሙት፦ 30፣ 32፣ 42፣ 43፣ 56።
4. ድርሻውን ብቻውን በአዲስ ግራፍ ሥሩ።

አሁን የሚታየው ሌላ ታሪክ ነው። በ2000 ከሚሞቱ አሥር ሕፃናት ሦስቱ ነበሩ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት፤ በ2019 ግን ከግማሽ በላይ ሆነዋል። ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለው ሞት በፍጥነት ወርዷል፣ የጨቅላዎቹ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም። በጀት ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ ጨቅላ ሕክምና ይሂድ ወይስ ወደ ሌላ የሚለውን የሚወስን ሰው የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ግራፍ ነው።

ሁለት ቋሚ ዘንግ ካያችሁ ቁሙ። አንዳንድ አዘጋጅ የታችኛውን መስመር ለማጉላት በቀኝ በኩል ሌላ ዘንግ ይጨምራል። ግራው ከ0 እስከ 180፣ ቀኙ ከ0 እስከ 60 ከሆነ በ2019 የጨቅላዎቹ መስመር ከአጠቃላዩ በላይ ይወጣል፤ 33 በቀኙ ዘንግ ከግማሽ በላይ፣ 59 ደግሞ በግራው አንድ ሦስተኛ ላይ ነውና። የአካሉ መስመር ከሙሉው በላይ ወጣ ማለት ነው፤ በእውነታ ሊሆን የማይችል ነገር። መስመሮቹ የሚቆራረጡበት ቦታ የዘንጎቹ ምርጫ ውጤት ስለሆነ ከዚያ ነጥብ ምንም አትደምድሙ። ሁለቱን ለየብቻ ሥሩ ወይም ከላይ እንዳደረግነው ድርሻውን አስሉ።

መቶኛውና ብዛቱ ሲጋረዱ፦ ደረጃ 4 ላይ የደረደርነው መቶኛ ነው። ኦሮሚያ ከአገር አቀፉ አማካይ ጋር ተቀራራቢ መጠን ስላለው ከዝርዝሩ መካከል ይቀመጣል፤ በሕዝብ ብዛት ግን ትልቁ ክልል ነው። የምግብ እርዳታ መጠን የምታቅዱ ከሆነ መቶኛውን በሕፃናቱ ብዛት ሳታባዙ አትጀምሩ። መቶኛው ስለ ችግሩ ክብደት፣ ብዛቱ ስለ ሥራው ስፋት ነው የሚነግራችሁ።

## ደረጃ 6፦ ልዩነቱ የሚታመን መሆኑን መርምሩ

የጨቅላ ሞት ከ29 ወደ 33 ከፍ ብሏል። መቀንጨር ከ38 ወደ 37 ወርዷል። ሁለቱንም «ጨመረ» ወይም «ቆመ» ከማለታችሁ በፊት ጥናቱ በናሙና እንደሆነ አስታውሱ። በ2016 የተጠየቁት 16,650 ቤተሰቦች ነበሩ፤ የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ስለሆነ 8,663 ብቻ። ናሙናው ሲያንስ ቁጥሩ በአጋጣሚ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅበት ስፋት ይጨምራል።

በአባሪው ስለ ናሙና ስሕተት የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ትክክለኛው ዋጋ ሊገኝበት የሚችል «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ወሰን አለ። የሁለቱን ዓመታት ወሰን ጎን ለጎን ጻፉ። በሰፊው ከተደራረቡ ለውጥ ተረጋግጧል አትበሉ። የክልል ቁጥር ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ የአንድ ክልል ናሙና ከአገር አቀፉ በጣም ያነሰ ነውና ወሰኑ ሰፊ ነው።

ሌላም አለ። አገር አቀፉ የሕፃናት ሞት መጠን ጥናቱ የተካሄደበትን ዓመት ብቻ አይለካም፤ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ነው። በ2016 የጀመረ ፕሮግራም ውጤት በ2019ኙ ነጥብ ላይ በሙሉ ሊታይ አይችልም።

## ሁለት ሪፖርት ለአንድ ዓመት ሁለት ቁጥር ቢሰጡ

ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። በአሮጌው ሪፖርት የ2000 መቀንጨር 52፣ የ2005ቱ 47 ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ በአዲሱ ግን 58ና 51። አንዱ ተሳስቶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አዲስ የሕፃናት ዕድገት መለኪያ አወጣ፤ የቀድሞዎቹ መረጃዎችም በአዲሱ ተሰሉ። አደጋው ያለው አንድ ግራፍ ሁለቱን ሲቀላቅል ነው፦ 52፣ 47 ከአሮጌው ተወስዶ 44፣ 38 ከአዲሱ ሲቀጠል ከ2000 እስከ 2011 የነበረው ቅናሽ ከ14 ነጥብ ወደ 8 ይወርዳል። ቁጥሮች ሲጋጩ የትኛው መለኪያ እንደተጠቀሙ ከግርጌ ማስታወሻው አንብቡ፤ ካልተጻፈ ሁሉንም ዓመታት በአንድ ላይ ከያዘው የቅርቡ ሪፖርት ሠንጠረዥ ውሰዱ።

## ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ርዕሱን የሸፈነውን ወረቀት አንሱና ያገኛችሁትን ከእሱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ግራፉ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ጻፉ፤ መነሻና መድረሻ ቁጥር፣ ዓመት፣ ምን እንደተለካና ያልተረጋገጠው። ለምሳሌ፦

«ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 እ.ኤ.አ ከነበረው 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርዷል፤ በዓመት በአማካይ 1.25 ነጥብ። በ2019 አነስተኛ ጥናት 37 በመቶ ተገኝቷል፤ ቅናሹ መዘግየቱን ለማረጋገጥ ግን የናሙናውን ወሰን ማየት ያስፈልጋል።»

ዓረፍተ ነገሩን ግራፉን ላላየ የሥራ ባልደረባ ስጡትና በወረቀት ላይ እንዲሥለው ጠይቁት። የሣለው ከሠንጠረዡ ጋር ካልተመሳሰለ የጎደለውን ቁጥር ወይም ዓመት ጨምሩና እንደገና ስጡት።